በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው? የውሃ ማከሚያ ክሎሪን መለያ ጽሑፍ ሲገመገም



ዛሬ የማቀርበው አንድ ትንሽ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉን ያዘጋጀሁት ለዚህ ገለጻ ሲሆን የማንም አምራች አይደለም፤ በውስጡ ያሉት ስህተቶች ግን የተለመዱ ናቸው። እንዲህ ይላል፦

«የውሃ ማጣሪያ። ማንኛውንም ውሃ ንጹሕና ከበሽታ ነጻ ያደርጋል። 1000 ሊትር ያጣራል። ሶዲየም ሃይፖክሎራይት 1.25 በመቶ፣ 150 ሚሊ ሊትር። አንድ ክዳን በ20 ሊትር ጀሪካን ጨምረው ይበጥብጡ። ለደፈረሰ ውሃ መጠኑን እጥፍ ያድርጉ። ከመጠጣትዎ በፊት 30 ደቂቃ ይቆይ።»

ይህ ጠርሙስ በአሞራ ገደል ዓሣ በምትጠብስ አንዲት ሴት እጅ ላይ እንዳለ አስቡ። አንድ እጇ ሥራ ይዟል፤ ጽሑፉን የምታነበው እየሠራች ነው። «አንድ ክዳን ጨምረው ይበጥብጡ» የሚለውን ስታነብ ትጨምራለች፣ ትበጠብጣለች። ስለ ደፈረሰ ውሃ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር የሚደርሳት ከዚያ በኋላ ነው። ስለ 30 ደቂቃው የሚናገረው ደግሞ ምናልባት ጭራሹን አይደርሳትም፤ ሲጠማት ትቀዳለች። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለብቻው እውነት ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን አሳሳች ነው። ስለዚህ ሁኔታው ከትእዛዙ መቅደም አለበት። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ይህ አያስቸግርም፤ «ውሃው የደፈረሰ ከሆነ ሁለት ክዳን ይጨምሩ» ሲባል አንባቢዋ ገና ክዳኑን ሳትሞላ ውሃውን ትመለከታለች።

አሁን ወደ ቃላቱ እንለፍ። «ማጣሪያ» የሚለው ቃል ጉድፍንና ጭቃን የሚያስቀር ነገር መኖሩን ያመለክታል። ክሎሪን ግን ምንም አያጣራም፤ ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ። እንዲያውም ድፍርሱ ራሱ ክሎሪኑን ይጨርሰዋል፤ መጠኑ እጥፍ የሚሆነውም ለዚህ ነው። «ንጹሕ» የሚለውም ሁለት ትርጉም አለው፦ ለዓይን የጠራ፣ ወይም ለጤና የማያሰጋ። የጠራ ውሃ በሽታ ሊይዝ ይችላልና ለዚህ ጽሑፍ ቃሉ አይበቃም። እኔ «ውሃ ማከሚያ» የሚለውን እመርጣለሁ።

«1000 ሊትር» የሚለውን በስሌት እንፈትሸው። በ1.25 በመቶ ፈሳሽ ውስጥ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 12.5 ሚሊ ግራም ክሎሪን አለ እንበል። ክዳኑ 3 ሚሊ ሊትር ከያዘ 37.5 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ በ20 ሊትር ሲካፈል ለአንድ ሊትር 1.9 ሚሊ ግራም ያህል ይደርሳል። ይህ ለጠራ ውሃ የሚመከረው መጠን ነው። 150 ሚሊ ሊትር 50 ክዳን፣ 50 ክዳን ደግሞ 1000 ሊትር ነውና ቁጥሩ ትክክል ይመስላል። ውሃው ከደፈረሰ ግን 500 ሊትር ብቻ ነው። ጠርሙሱ ፀሐይ ላይ ከዋለ ክሎሪኑ ስለሚደክም ከዚያም ያንሳል። የተሻለውን ሁኔታ ብቻ መርጦ እንደ ዘወትር ውጤት ማቅረብ ውሸት ሳይናገሩ ማጋነን ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሐሰተኛን ብቻ ሳይሆን አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል።

ከሁሉ የከፋው «ማንኛውንም ውሃ» የሚለው ነው። ክሎሪን አብዛኞቹን ባክቴሪያዎችና ቫይረሶች ይገድላል፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ጥገኛ ግን በዚህ መጠን አይሞትም። ለእኛ ለስምጥ ሸለቆ ነዋሪዎች ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፦ ፍሎራይድ። የሐዋሳ ሐይቅም ሆነ በአካባቢው ያሉ በርካታ የከርሰ ምድር ውሃዎች የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ወሰን ያልፋሉ። ክሎሪን ፍሎራይድን አይነካውም። (ማፍላትም አያስወግደውም፤ ውሃው ሲተን ይበልጥ ይጠነክራል።) ጥርሳቸው የበለዘ ልጆች ያሏት እናት «ማንኛውንም ውሃ ከበሽታ ነጻ ያደርጋል» የሚለውን አንብባ ሌላ የውሃ ምንጭ መፈለጉን ልትተው ትችላለች።

ከእርማት በኋላ ጽሑፉ ይህን ይመስላል፦

«ውሃ ማከሚያ። ተቅማጥ የሚያመጡ አብዛኞቹን ተሕዋስያን ይገድላል። ፍሎራይድን አያስወግድም። 20 ሊትር ጀሪካን ይሙሉ። ውሃው የጠራ ከሆነ አንድ ሙሉ ክዳን፣ የደፈረሰ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ አጥልለው ሁለት ሙሉ ክዳን ይጨምሩ። ይበጥብጡ። 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያ በኋላ ይጠጡ።»

የአምራቹ ስም፣ ይዘቱና አቀማመጡ ከዚህ በታች ይከተላሉ፤ የሚያበቃበት ቀን ግን ጎልቶ መታየት አለበት። በሐዋሳ ለሚሸጥ ጠርሙስ የሲዳምኛው ጽሑፍም በዚሁ ቅደም ተከተል መጻፍ አለበት።

አምራቾች «ፍሎራይድን አያስወግድም» የሚለውን አይወዱትም፤ ገዢ ያሸሻል ይላሉ። በእኔ እምነት ግን ከጽሑፉ ሁሉ በመጨረሻ ሊወጣ የሚገባው ዓረፍተ ነገር እሱ ነው።

ግምገማው በወረቀት ላይ አያበቃም። ለአንባቢ ጠርሙስና ጀሪካን ስጡና እጇን ተመልከቱ፤ «ገባሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሁሉም «አዎ» ይላል። ክዳኑን እስከ አፉ ሞላችው? ሰዓት ተመለከተች? ከ30 ደቂቃ በኋላ በውሃው ውስጥ የቀረውን ነጻ ክሎሪን ለኩ። በሊትር ከ0.5 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ፣ ፈሳሹ ያልደከመ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ፣ የትኛው ዓረፍተ ነገር እንዳልሠራ ወደ ጽሑፉ ተመልሳችሁ ፈልጉ።