ሁሉም ዓረፍተ ነገር በ«ነበሩ» ሲያልቅ

ለጀመዓችን መጽሔት ከሚደርሱን ጽሑፎች ብዙዎቹ ሐሳባቸው ጥሩ ነው። መረጃቸውም ትክክል ነው። ሆኖም ከዙህር ሶላት ወጥቶ ወደ ክላስ የሚሮጥ ተማሪ ከሁለተኛው አንቀጽ አያልፍም፤ ጆሮው ደክሟል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያደክመው የዓረፍተ ነገሮቹ አንድ ዓይነት መሆን ነው። በዚህ እትም ይህ ከምን እንደሚመጣና እንዴት እንደሚስተካከል በአንድ ምሳሌ እናያለን።

ምሳሌያችን ሁላችንም የምናውቀው ታሪክ ነው፤ ስደተኞቹ ሰሃባዎች በነጃሺ ፊት የቆሙበት ቀን። በእንዲህ ዓይነት አጻጻፍ ብዙ ጊዜ ይደርሰናል፦

«ነጃሺ የሐበሻ ንጉሥ ነበሩ። ነጃሺ ፍትሐዊ ንጉሥ ነበሩ። ቁረይሾች ሁለት መልእክተኞችን ላኩ። መልእክተኞቹ ለንጉሡ ስጦታ ይዘው ነበር። መልእክተኞቹ ስደተኞቹን እንዲመልሱላቸው ጠየቁ። ነጃሺ ሙስሊሞቹን አስጠሩ። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ ስለ እስልምና ተናገሩ። ጃዕፈር ከሱረቱ መርየም አነበቡ። ነጃሺ አለቀሱ። ነጃሺ ስደተኞቹን አልሰጡም።»

ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ስህተት የለበትም፤ ግን መዶሻ ይመስላል። ዓረፍተ ነገሮቹ አሥር ናቸው፤ ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ከሁለት እስከ አምስት ቃል ብቻ አላቸው። አምስቱ በ«ነጃሺ» ይጀምራሉ። ከሁሉ የሚያሳዝነው «ነጃሺ አለቀሱ» የሚለው ነው። የታሪኩ ልብ እሱ ሆኖ ሳለ፣ በዙሪያው ያሉት ሁሉ እንደሱ አጭር ስለሆኑ «ስጦታ ይዘው ነበር» ከሚለው ተለይቶ አይሰማም።

ይህ በአማርኛ በተለይ ጎልቶ የሚወጣበት ምክንያት አለ። በቋንቋችን ማሰሪያው ግስ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ አንባቢው የሚያርፈውም እሱ ላይ ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገር ሁሉ በ«ነው» እና በ«ነበር» ካለቀ፣ ጆሮ በየአራት ቃሉ ያንኑ ድምፅ ይሰማል። በእንግሊዝኛ ግሱ ቀደም ብሎ ስለሚመጣ የመጨረሻው ቃል በየጊዜው ይለያያል። እኛ ግን መጨረሻውን አስበን መምረጥ አለብን።

አንዳንዶች ይህን ሲነግሯቸው በየዓረፍተ ነገሩ ራስ ላይ «በተጨማሪም»፣ «እንዲሁም»፣ «ከዚህም ባሻገር» ይጨምራሉ። ይህ ቀለም መቀባት ነው፤ ከሥሩ ያለው ቅርጽ እንዳለ ይቀራል። ሌሎች ደግሞ ወደ ተቃራኒው ጫፍ ይሄዱና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ያስሩታል፦

«መልእክተኞቹ ስጦታ ይዘው ንጉሡ ዘንድ ቀርበው፣ ስደተኞቹን እንዲመልሱላቸው ጠይቀው፣ ሙስሊሞቹን አስጠርተው፣ ስለ እስልምና ሰምተው፣ አልቅሰው፣ ስደተኞቹን አልሰጡም።»

ያለቀሰው ማን ነው? የሰዋስው መምህራን «ይዞ»፣ «ቀርቦ»፣ «ሰምቶ» የመሳሰሉትን ቦዝ አንቀጽ ይሏቸዋል፤ ብቻቸውን ዓረፍተ ነገር አያስሩም፣ ማሰሪያ ይጠብቃሉ። ለአማርኛ ትልቅ ሀብት ናቸው። አደጋቸው ግን የድርጊቱ ባለቤት ሲቀየር ነው። ንጉሡን በአክብሮት ስንጠራ «ሰምተው» እንላለን፤ ሁለቱን መልእክተኞችም «ሰምተው» እንላለን። ቅርጹ አንድ ስለሆነ አንባቢው እንባውን ለቁረይሽ መልእክተኞች ሊሰጥ ይችላል! ስለ ሰሃባዎችና ስለ ዑለማዎች በአክብሮት ቃል የምንጽፍ እኛ ለዚህ ወጥመድ ከሌላው ይልቅ ቅርብ ነን። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ባለቤቱ ሲቀየር ሰንሰለቱን በአራት ነጥብ ቁረጡት።

አሁን ያንኑ ታሪክ እንደገና እንጻፈው።

«ከቁረይሽ የተላኩ ሁለት መልእክተኞች ስጦታ ይዘው በፍትሐዊነታቸው የታወቁት የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ ዘንድ ቀረቡ። ስደተኞቹን እንዲመልሱላቸውም ጠየቁ። ንጉሡ ግን የሌላውን ወገን ቃል ሳይሰሙ መፍረድ ስላልፈለጉ ሙስሊሞቹን አስጠሩ። ስለ እስልምና የተናገሩት ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ ነበሩ፤ በመጨረሻም ከሱረቱ መርየም አነበቡ። ነጃሺ አለቀሱ። ስደተኞቹን አሳልፈው አልሰጡም፤ የቀረበላቸውም ስጦታ ተመለሰ።»

አሥሩ ስድስት ሆኑ፤ የቃላቸው ብዛትም በቅደም ተከተል 13፣ 3፣ 10፣ 12፣ 2 እና 6 ነው። ቁጥሩን ማንም እንዲሸመድደው አንፈልግም። ማየት ያለባችሁ የትኛው መረጃ የት እንደገባ ነው።

ንጉሥ መሆናቸውና ፍትሐዊነታቸው ለየብቻ ዓረፍተ ነገር የነበራቸው ሲሆን፣ አሁን ከስማቸው ፊት ገላጭ ሆነው ገብተዋል። «ስጦታ ይዘው» ቦዝ አንቀጽ ሆኖ ለ«ቀረቡ» አጃቢ ሆኗል፤ ባለቤቱ ስላልተቀየረ ምንም አያምታታም። አራተኛው ላይ ያደረግነው ሌላ ነው። «ጃዕፈር ተናገሩ» ማለት ድርጊቱን መንገር ነው፤ «የተናገሩት ጃዕፈር ነበሩ» ስንል ግን ከተሰደዱት ሁሉ መካከል ቃሉን ያነሱት እሳቸው መሆናቸውን እናጎላለን። «ነበሩ» እዚህ ቦታ ላይ ሥራ አለው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ በ«ስደተኞቹን» ይጀምራል፤ «ነጃሺ» የሚለው ስም አልተደገመም። አማርኛ ግሱ ውስጥ ባለቤቱን ስለሚይዝ «አልሰጡም» ብቻውን ይበቃል፣ ስሙ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በፊት ተጠርቷልና።

«ነጃሺ አለቀሱ» አንድም ፊደል አልተቀየረበትም። ከ12 ቃል በኋላ ሲመጣ ግን አንባቢው ሳያውቀው ቆም ይላል። ለዚህም ነው አጭሩን ዓረፍተ ነገር በቁጠባ የምንጠቀመው። የቁረይሾች ስጦታ ቆዳ እንደነበር በሲራ ይወሳል፤ ግን «ስጦታው ቆዳ ነበር።» ብለን ለብቻው ብናቆመው፣ የአንባቢውን ጆሮ ለማይገባው ነገር ከፈልን ማለት ነው። ያንን «የቆዳ ስጦታ» ብሎ ማሳለፍ ይበቃል።

ገላጩን ማብዛትም የራሱ ችግር አለው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ «ከመካ የተሰደዱትን ሙስሊሞች የተቀበሉት» ብንጨምር፣ አንባቢው «ነጃሺ» እስኪደርስ ድረስ ማን እየተገለጸ እንደሆነ ሳያውቅ ይሸከማል። ከስም በፊት ሁለት ገላጭ ሐረግ ከሞላ ሦስተኛውን ወደ ሌላ ዓረፍተ ነገር ማውጣት ይሻላል እንላለን።

የራሳችሁን ረቂቅ ለመመርመር እርሳስ ይበቃል። በአንድ ገጽ ላይ የየዓረፍተ ነገሩን የመጀመሪያና የመጨረሻ ቃል አስምሩ። ከዚያ ያሰመራችሁበትን ብቻ ከላይ ወደ ታች አንብቡ። «እስልምና… ነው፣ እስልምና… ነው፣ እስልምና… ነው» የሚል ከወጣ ችግሩን አገኛችሁት። ቀጥሎ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፤ ቁርኣን ስትቀሩ ወቅፍ ላይ ሳትደርሱ ትንፋሽ ሲያጥራችሁ የሚሰማችሁን ታውቁታላችሁ። ጽሑፋችሁ ውስጥ እንደዚያ የሚያስጨንቅ ቦታ ካለ፣ እዚያው አካባቢ ባለቤቱ የተቀየረበት ቦዝ አንቀጽ ተደብቆ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ግን ለሁሉም ጽሑፍ አይሠራም። የውዱእን ቅደም ተከተል ለአዲስ ተማሪ የሚያስረዳ ጽሑፍ «ፊትህን ታጠብ። እጆችህን እስከ ክርንህ ታጠብ። ራስህን አብስ።» እያለ አንድ ዓይነት ቅርጽ ቢደጋግም መልካም ነው። እዚያ አንባቢው የሚፈልገው ቀጣዩን ደረጃ ሳይሳሳት ማግኘት ነው፤ የላብራቶሪ ሪፖርት ላይ የአሠራር ክፍሉም እንዲሁ።