በጎልፍ ኳስ ሲጠፋ ቅጣቱ እንዴት ይቆጠራል?

በጎልፍ ሕግ መሠረት ኳስ ፍለጋ ከተጀመረ በ3 ደቂቃ ውስጥ ካልተገኘ ወይም ከሜዳው ክልል ከወጣ፣ ተጫዋቹ 1 የቅጣት ምት ተቆጥሮበት ቀድሞ ወደመታበት ስፍራ ይመለሳል። ኳሱ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ለመምታት ካልተመቸ ግን፣ በ1 የቅጣት ምት፣ ወደ ጉድጓዱ ሳይቀርብ በ2 ዱላ ርዝመት ውስጥ ሊጥለው ይችላል።

እ.አ.አ ከ2019 ጀምሮ ኳሱ የሚለቀቀው ከትከሻ ሳይሆን ከጉልበት ከፍታ ነው። በዚያው ዓመት በሜክሲኮ በተካሄደ ውድድር የአሜሪካዊው ሪኪ ፋውለር 2ኛ ምት ከክልል ወጣ፤ ቅጣቱ 3ኛ ሆኖ ተቆጠረ። ተጫዋቹ ኳሱን ከትከሻ ከፍታ ጥሎ 4ኛውን መታ፤ በአጣጣሉ ስሕተት 5ኛ ተጨመረበት። ከመምታቱ በፊት ኳሱን አንስቶ ከጉልበቱ ከፍታ ዳግም ቢጥለው ኖሮ ተጨማሪው ቅጣት አይደርስበትም ነበር።