ከዝርዝር ወደ ክርክር፦ ክለሳ ድርሳን እንዴት ይታደሳል?

የመመረቂያ ጽሑፍ ምዕራፍ ሁለት ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት መልክ አለው። አንቀጹ በተመራማሪ ስም ይከፈታል፤ የጥናቱ ቦታና ዓመት ይከተላል፤ ውጤቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል። ቀጣዩ አንቀጽ በሌላ ስም ይጀምራል። አማካሪው ኅዳጉ ላይ «ሐሳቡን አዋሕደው» ብሎ ይጽፋል። ተማሪው በአንቀጾቹ መካከል «በተመሳሳይ ሁኔታ» እና «በሌላ በኩል» የሚሉ ቃላት ሰክቶ ይመልሰዋል። ጽሑፉ ግን ያው ዝርዝር ነው። ይህን መፈተን ቀላል ነው፦ የሁለት አንቀጾችን ቦታ አለዋውጡ። ምንም የሚናጋ ነገር ከሌለ፣ ከመጀመሪያውም የሚያያይዛቸው ሐሳብ አልነበረም።

በአንድ እውነተኛ የምርምር መስክ እንየው። ለልጆች የአንጀት ትላትል መድኃኒት በጅምላ መስጠት ምን ያህል ይጠቅማል የሚለው ጥያቄ ኢኮኖሚስቶችንና የጤና ተመራማሪዎችን ለዓመታት አከራክሯል። በዝርዝር መልክ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

«ሚጌልና ክሬመር (2004) በኬንያ ቡሲያ በ75 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ባደረጉት ጥናት መድኃኒቱ ከትምህርት መቅረትን በሩብ ያህል እንደቀነሰ አረጋግጠዋል። ብሌክሊ (2007) በደቡባዊ አሜሪካ ከ1910 ጀምሮ የተካሄደውን የመንጠቆ ትል ዘመቻ አጥንተው የትምህርት ተሳትፎ መጨመሩን ደርሰውበታል። አዋስቲና ባልደረቦቻቸው (2013) በሰሜን ሕንድ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕፃናትን ባካተተው ጥናት በክብደት ላይ ለውጥ አላገኙም። ቴይለር-ሮቢንሰንና ባልደረቦቻቸው (2015) ለኮክሬን ባዘጋጁት ግምገማ የጅምላ ሕክምናው በአማካይ የአመጋገብ ሁኔታንም ሆነ የትምህርት ውጤትን እንዳላሻሻለ ደምድመዋል።»

እዚህ ውስጥ የተሳሳተ መረጃ የለም። አንባቢው ግን ሁለት «ይጠቅማል» እና ሁለት «አይጠቅምም» ይዞ ይቀራል፤ ማንን ማመን እንዳለበት የሚነግረው የለም። ያንን ሥራ መሥራት የነበረበት ጸሐፊው ነው።

እድሳቱ የሚጀምረው ዓረፍተ ነገሮቹን በማስዋብ አይደለም፤ አንድ ሠንጠረዥ በማዘጋጀት ነው። ጥናቶቹ በየረድፉ ይቀመጣሉ። በየዓምዱ አናት ላይ ጥያቄ ይጻፋል፦ ልጆቹ በትላትሉ ምን ያህል ተጠቅተው ነበር? ዕድሜያቸው ስንት ነው? የተለካው ምንድን ነው? መድኃኒት የወሰዱት ከእነማን ጋር ተነጻጸሩ? ብዙ ተማሪዎች ሠንጠረዡን ሞልተው ሲያበቁ መልሰው ረድፉን ተከትለው ይጽፋሉ፤ ያኔ ዝርዝሩ ተመልሶ ይመጣል። መነበብ ያለበት ዓምዱ ነው፣ ከላይ ወደ ታች።

«ምን ተለካ?» የሚለውን ዓምድ ብቻ እንውረድበት። ኮክሬን የመረመራቸው ሙከራዎች በብዛት የለኩት ክብደትን፣ የደም ሄሞግሎቢንንና የአእምሮ ፈተናን ነው፤ በትምህርት ገበታ መገኘትን የለኩት ጥቂት ናቸው። የኬንያው ጥናት ዝነኛ የሆነው በዚሁ መገኘትን በሚመለከት ውጤቱ ነው። ያው የኬንያ ጥናት ግን የተማሪዎቹ የፈተና ውጤት መሻሻሉን አላሳየም። በዝርዝሩ ውስጥ ተቃራኒ የመሰሉት ሁለት ሥራዎች በፈተና ውጤት ረገድ ይስማማሉ ማለት ነው! ረድፍ በረድፍ የሚያነብ ሰው ይህን በቀላሉ አያየውም። እኔ ከክለሳ ድርሳን የምጠብቀው እንዲህ ያለውን ግኝት ነው፤ በየትኛውም ጥናት ማጠቃለያ ላይ ሳይጻፍ ጥናቶቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብቻ የሚታየውን።

ወደ ሌላው ዓምድ እንሻገር። ኬንያ ውስጥ ምደባው የተካሄደው በልጅ ሳይሆን በትምህርት ቤት ነው። ምክንያቱም አንዱ ልጅ ሲታከም በአካባቢው የሚሰራጨው የትል ዕንቁላል ስለሚቀንስ፣ ያልታከመው ጎረቤቱም ይጠቀማል። በአንድ ክፍል ውስጥ ግማሹን አክሞ ግማሹን የሚያነጻጽር ሙከራ ይህን ጥቅም ከልዩነቱ ውስጥ ያጠፋዋል። ታዲያ «ጥቅም አልተገኘም» የሚሉት ሁሉ በዚህ ይብራራሉ? አይብራሩም። የሕንዱ ጥናትም ዕጣ ያወጣው በአካባቢ ነበር። ስለዚህ ለእሱ ሌላ ማብራሪያ መፈለግ አለበት፤ የመጀመሪያው ዓምድ ያንን ይሰጠናል። የሕንድ ሕፃናት በትሉ የተጠቁት በመጠኑ ነበር፤ በዚያ ላይ ለትምህርት ያልደረሱ ስለነበሩ ስለ ትምህርት ገበታ ምንም ሊነግሩን አይችሉም።

መሸጋገሪያው የተወለደው ከዚህ ነው። «አይብራሩም» እና «ስለዚህ» የገቡት ለማስዋብ አይደለም፤ አንዱ ማብራሪያ አልበቃ ሲል ሌላውን ስለጠራ ነው። አሁን አንቀጹ ሊጻፍ ይችላል፦

«የጅምላ ሕክምናው በፈተና ውጤት ላይ ለውጥ እንዳላመጣ የኬንያው ጥናትም የኮክሬን ግምገማም ይስማማሉ (ሚጌልና ክሬመር 2004፤ ቴይለር-ሮቢንሰንና ባልደረቦቻቸው 2015)። ክርክሩ ያለው በትምህርት ገበታ መገኘት ላይ ነው። መሻሻል የታየው በጽኑ የተጠቁ ልጆች በበዙበት አካባቢ ነው፤ ይሁንና በ2015 የወጣው የዚሁ መረጃ ዳግም ትንተና የስሌት ስሕተቶች አግኝቷል፤ ወደ ጎረቤት ትምህርት ቤቶች ተሻግሯል የተባለው ጥቅምም በእጅጉ ቀንሷል። የጥቃቱ ክብደት ወሳኝ ነው የሚለውን ግምት የአሜሪካው ታሪካዊ መረጃ ያጠናክረዋል፤ ዘመቻው የበለጠ ለውጥ ያመጣው ትሉ በበዛባቸው አካባቢዎች ነበርና (ብሌክሊ 2007)። በመጠኑ በተጠቁ የሕንድ ሕፃናት ላይ የክብደት ለውጥ አለመታየቱም ከዚህ ጋር አይጋጭም (አዋስቲና ባልደረቦቻቸው 2013)።»

ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ የዓረፍተ ነገሮቹ ባለቤት ተለውጧል፤ ተመራማሪው ወደ ቅንፍ ገብቶ ጉዳዩ ፊት ወጥቷል። ሁለተኛ፣ የ2015ቱ ዳግም ትንተና በዓመት ቅደም ተከተል ቢሆን መጨረሻ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ አሁን ግን የሚያዳክመው ሐሳብ አጠገብ ቆሟል። የሚቃወም ጥናትን ወደ ምዕራፉ ጭራ ገፍቶ መሸሸግ አንባቢን ማሳሳት ነው።

ውሕደት የራሱ አደጋ አለው። አንድ ድምዳሜ ጽፎ ከኋላው አምስት ስም በአንድ ቅንፍ መደርደር የተዋሐደ ይመስላል፤ አምስቱ የለኩት አምስት የተለያየ ነገር ከሆነ ግን ስምምነቱ ሐሰት ነው። ከላይ ባለው አንቀጽም ብሌክሊ «ያጠናክረዋል» እንጂ «ያረጋግጠዋል» አልተባለም። ሥራው በዕጣ የተደረገ ሙከራ አይደለም፤ ዘመኑም ይለያል። በግሱ ምርጫ ላይ የሚደረገው እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ከማንኛውም አያያዥ ቃል በላይ ይከበዳል። ዝርዝሩም ቢሆን ቦታ አለው፤ አንድ ጥናት ለመላው ክርክር መሠረት ሲሆን፣ እዚህ ኬንያ እንደሆነችው፣ ሙሉ አንቀጽ ተሰጥቶት አሠራሩ ቢተረክ ተገቢ ነው።

ሠንጠረዡ የጥናት ክፍተቱንም ያሳያል። ተማሪዎቻችን አዘውትረው «በዚህ ወረዳ የተሠራ ጥናት የለም» ብለው ይደመድማሉ፤ ቦታው መልሱን ለምን እንደሚለውጠው ካልተነገረ ግን ይህ ክፍተት አይባልም። በጣና ዳርቻ ባሉ ትምህርት ቤቶች ላይ ለመሥራት ያሰበች ተማሪ እንዲህ ልትጽፍ ትችላለች፦ «በኬንያ ቢልሃርዚያ በበዛባቸው ትምህርት ቤቶች ሁለተኛ መድኃኒት ስለተጨመረ፣ የመገኘት ለውጡ ከየትኛው ሕክምና እንደመጣ መለየት ያስቸግራል። በዚህ ጥናት የሚነጻጸሩት ትምህርት ቤቶች ሁሉም ቢልሃርዚያ የጸናባቸው ናቸው፤ የሚለያዩት ሁለተኛውን መድኃኒት በማግኘትና ባለማግኘት ብቻ ነው።»