የጌታችን የልደት በዓል በአንዳንዶች አብያተ ክርስቲያናት ታኅሣሥ 16፣ በእኛ ታኅሣሥ 29 ስለሚውልበት ምክንያት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በአንድ ዓመት በታኅሣሥ 16 ቀን፣ የኪዳነ ምሕረት ቅዳሴ ተፈጽሞ ሕዝቡ ሲሰናበት፣ ከሰበካችን አንዲት እናት ወደ እኔ ቀረቡና፤ «አባቴ፣ በውጭ አገር ያለው ልጄ ዛሬ ጧት በስልክ እንኳን ለልደቱ አደረሰሽ አለኝ። እኔ ገና ጾሙን አልጨረስሁም። ለመሆኑ ጌታ የተወለደው ስንት ጊዜ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው የብዙዎች ጥያቄ እንደ ሆነ ስለማውቅ፣ ዛሬ በዚሁ ነገር እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ ይህን እወቁ። እኛና እነዚያ ወገኖች የተለያየነው ስለ ልደቱ ቀን አይደለም። ሮማውያን ዲሴምበር በሚሉት ወር በ25ኛው ቀን ያከብሩታል። የእኛም ታኅሣሥ 29 በጥንቱ የሮማውያን ቁጥር ያው ዲሴምበር 25 ነው። ቀድሞ በአሌክሳንድርያም፣ በሮምም፣ በቍስጥንጥንያም ያሉ ክርስቲያኖች ይህን በዓል በአንድ ዕለት ያከብሩበት ዘመን ነበረ። ከጊዜ በኋላ የተለወጠው ቀኑን የሚቈጥሩበት መዝገብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩልዮስ ቄሣር ከጌታ ልደት በፊት ባወጣው ሥርዐት ዓመቱ 365 ቀን ከሩብ ነው፤ ሩቡም በየአራት ዓመቱ ተከማችቶ አንድ ቀን ይሆናል። የእኛም ጳጕሜን በየአራት ዓመቱ ስድስት የምትሆነው በዚሁ ሥርዐት ነው። ፀሐይ ግን ዙሯን የምትጨርሰው ከዚህ 11 ደቂቃ ያህል ቀድማ ነው። አሥራ አንድ ደቂቃ ለአንድ ሰው ዕድሜ ምንም አይደለችም፤ በ128 ዓመት ግን አንድ ሙሉ ቀን ትሆናለች። በ325 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን ቁጥር ጉባኤ ኒቅያ ሲደረግ፣ ቀንና ሌሊት የሚተካከሉበት ዕለት ማርች 21 ነበረ። ከዚያ ወዲህ 1250 ዓመት ሲያልፍ ዕለቱ ወደ ማርች 11 ወርዶ ተገኘ። የሮም ሊቀ ጳጳስ ግሪጎርዮስ 13ኛ ይህን ለማቅናት በ1582 ዓ.ም. በአውሮፓውያን ቁጥር ከኦክቶበር 4 ቀጥሎ ያለውን ቀን ኦክቶበር 15 በሉት ብለው አዘዙ። ዐሥር ቀን ከመዝገቡ ወጣ። ደግሞም ወደ ፊት እንዳይዛባ በየመቶው ዓመት መጨረሻ የሚውለው ዓመት ለ400 ካልተካፈለ በቀር ጭማሪ ቀን እንዳይኖረው ተደነገገ። በዚህ ምክንያት ልዩነቱ በ1700፣ በ1800ና በ1900 እየጨመረ ሄዶ ዛሬ 13 ቀን ሆኗል። ከታኅሣሥ 29 ላይ 13 ቀን ብትቀንሱ ታኅሣሥ 16 ይሆናል፤ የእናታችንም ልጅ በስልክ የደወለው በዚህ ቀን ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ለጎንደር ሰዎች የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ዐፄ ሱስንዮስ በ1618 ዓ.ም. በደንቀዝ ቤተ መንግሥታቸው ለሮም ሃይማኖት በይፋ በተገዙ ጊዜ፣ ከኢየሱሳውያን ጋር የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በዓላትና አጽዋማት በአዲሱ የሮም ቁጥር እንዲውሉ አዘዘ። በዚያን ጊዜ ልዩነቱ 10 ቀን ብቻ ነበርና፣ ተቈጥሮ ሲታይ የእነርሱ ልደት ታኅሣሥ 19 ላይ፣ በቅዱስ ገብርኤል በዓል ቀን ይውል ነበር። ምእመናን ሆይ፣ እስቲ አስቡት። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ልደት ዋዜማ ይጾማል። የወይና ደጋውና የደምቢያው ገበሬ ጾሙ ሳይፈታ ዐሥር ቀን ቀድሞ ብላ፣ ዛሬ ልደት ነው ሲባል፣ ነገሩ የሊቃውንት ክርክር ሳይሆን የማእዱ ነገር ሆነበት። ጦርነቱንና ደሙን ያመጣው ይህ ብቻ ነው አልልም፤ የጥምቀቱ መደገም፣ የክህነቱ መደገም፣ የሥርዐተ ቅዳሴው መለወጥ ከዚህ ይከብዳሉ። ነገር ግን ያላወቀውን ሰው ሁሉ በየቤቱ የነካው የበዓሉ ቀን ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም. የቀድሞው ሃይማኖት ይመለስ ብለው ዐዋጅ አስነገሩ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም ነገሡና ልደቱ ወደ ታኅሣሥ 29 ተመለሰ። ጎንደርም የተቈረቈረችው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙዎች የሚሳሳቱበትን እነግራችኋለሁ። ልደት ሁልጊዜ ታኅሣሥ 29 አይውልም፤ በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ይከበራል። ምክንያቱ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት በዓሉን ከመጋቢት 29፣ ከጽንሰቱ ቀን፣ እየቈጠሩ ስለሚያወጡት ነው። ጌታ በማኅፀን የቈየበት 9 ወር ከ5 ቀን ነው፤ ይህም 275 ቀን ነው። ቍጠሩት፤ ከመጋቢት 29 እስከ ነሐሴ 29 150 ቀን፣ ከዚያ ጳጕሜን ጨምሮ እስከ መስከረም 29 35 ቀን፣ እስከ ታኅሣሥ 29 90 ቀን፤ ድምሩ 275። ነገር ግን በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጕሜን 6 ስትሆን አንድ ቀን ትርፍ ይመጣና 276 ይሆናል። ቀኑ እንዳይተርፍ በሚቀጥለው ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በዓሉ ወደ ታኅሣሥ 28 ይሳባል።

ዘመኑን ለማወቅ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ጨምራችሁ ለ4 አካፍሉ። አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። ለምሳሌ 2016ን ብንወስድ 7516 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል ምንም አይተርፍም። ስለዚህ የ2016 ልደት ታኅሣሥ 28 ውሏል፤ በአውሮፓውያን ቁጥርም ያው ጃንዋሪ 7 ነበረ። ጥምቀት ግን ጥር 11ን አይለቅም። ስለዚህ በዘመነ ዮሐንስ ጥምቀት በእነርሱ ቁጥር ጃንዋሪ 20 ይሆናል፤ ሁልጊዜ 19 ነው ብሎ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ የሚመጣ እንግዳ በከተራ ዕለት ደርሶ ጥምቀት ያለፈበት ወይም የተዛወረ ይመስለዋል።

ሌሎች አብያተ ክርስቲያናትስ? ግብጻውያን፣ ሩስያውያን፣ ሰርብያውያን፣ የኢየሩሳሌም ግሪኮች ከእኛ ጋር በአንድ ዕለት ያከብራሉ። የግሪክና የሮማንያ አብያተ ክርስቲያናት ግን በ1924 በአውሮፓውያን ቁጥር የልደቱን ቀን ከአዲሱ ቁጥር ጋር አስማሙ፤ ስለዚህ ኦርቶዶክሶች ሲሆኑ በታኅሣሥ 16 ያከብራሉ። አንድ ሰው ቀኑን አይቶ ብቻ ይህ ካቶሊክ ነው፣ ይህ ኦርቶዶክስ ነው ቢል ይሳሳታል። አርመኖች ደግሞ ልደትንና ጥምቀትን እንደ ጥንቱ በአንድነት በጃንዋሪ 6 ያከብራሉ። የእኛ ዓመተ ምሕረት ከእነርሱ 7 ወይም 8 ዓመት ማነሱ ግን ከዚህ ነገር ጋር አይገናኝም፤ እርሱ ዘመኑን ከየት መቍጠር ይጀመራል የሚል ሌላ ክርክር ነው።

በመጨረሻም ልጆቻችሁ ጃንዋሪ 7ን ከታኅሣሥ 29 ጋር አንድ አድርገው እንዳይይዙ ንገሯቸው። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የእኛ ልደት በእነርሱ ቁጥር ጃንዋሪ 6 ነበረ። ከአውሮፓውያኑ 2100 ዓመት በኋላም ልዩነቱ 14 ቀን ይሆናልና፣ በ2093 ዓ.ም. ታኅሣሥ 29 ጃንዋሪ 8 ላይ ይውላል።