ትልቅ ቁጥር ጥራት አይደለም፦ በደካማ ኔትወርክ በስልክ ስለሚታይ አኒሜሽን ተረትና እውነታ

አኒሜሽን በሚሠሩ ባለሙያዎች ዘንድ እንደ ሕግ ከሚቆጠሩት እምነቶች መካከል ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው «ፊልሙ በ1080ፒና በሰከንድ በ60 ፍሬም ከወጣ በየትኛውም ስልክ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል» የሚለው ነው። ጉዳቱ ፊልሙ በተሠራበት ኮምፒውተር ላይ አይታይም፤ የሚታየው ስለ ቡና አለቃቀም የተዘጋጀ የአንድ ደቂቃ ተኩል ፊልም ከአዲስ አበባ ተልኮ ሚዛን ተፈሪ፣ ቴፒ ወይም ሸኮ ወረዳ ሲደርስ፣ አርሶ አደሩም ለሌላ ጉዳይ የገዛውን ዳታ ጨርሶ ፊልሙን ሳያየው ሲቀር ነው። ጥራት ተብሎ የተጨመረው ነገር ፊልሙን ከተመልካቹ የሚያርቀው ከሆነ፣ በመጀመሪያ መመርመር ያለበት ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ነው።

እምነቱ መሠረት የሌለው ግን አይደለም። ዩቲዩብ ለ1080ፒ የ60 ፍሬም ቪዲዮ በሰከንድ ወደ 12 ሜጋቢት ገደማ የሚደርስ ቢትሬት ይመክራል፤ ቢትሬት ማለት ለአንድ ሰከንድ ፊልም የሚመደበው የመረጃ መጠን ነው። ዩቲዩብ የተጫነለትን ፊልም እንዳለ ለተመልካች አይሰጥም፤ ከእርሱ የተለያየ መጠን ያላቸውን ቅጂዎች ራሱ አዘጋጅቶ፣ ኔትወርኩ ደካማ ለሆነበት ሰው ትንሹን ስለሚያቀርብ፣ ለዩቲዩብ ጥሩ ቅጂ መስጠት ትክክለኛ ምክር ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው ይኸው ፋይል በቴሌግራም እንደ ፋይል ሲላክ፣ በብሉቱዝ ሲተላለፍ ወይም በሚሞሪ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ነው፤ በእነዚህ መንገዶች በመሃል የሚያቀልለት የለምና ክብደቱን ሙሉ በሙሉ የሚሸከመው ተመልካቹ ነው። በየሥልጠናው «ሁልጊዜ በትልቁ አውጡ» እያሉ የሚያስተምሩ ሰዎች ይህን ልዩነት አለመናገራቸው ይቅር የሚባል አይደለም፤ የምክሩን ዋጋ የሚከፍሉት እነርሱ ሳይሆኑ ዳታ ገዝቶ የሚያወርደው ሰው ነው።

በቅድሚያ ሬዞሉሽን፣ ማለትም ምስሉ የተሠራባቸው የነጥቦች ወይም የፒክስሎች ብዛት፣ በስልክ ላይ ምን እንደሚሆን ማየት ያስፈልጋል። በዋጋ ዝቅ ያሉ ብዙ ስማርት ስልኮች የስክሪን ወርዳቸው 720 ፒክስል ነው። ተመልካቹ ስልኩን እንደ ልማዱ ቀጥ አድርጎ ይዞ ወደ ጎን የሰፋ ፊልም ሲያይ፣ ምስሉ የሚያርፈው በ720 በ405 ፒክስል ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የ1080ፒ ፊልም ከ1080 መስመሮቹ አብዛኞቹን ስልኩ ራሱ ይጥላቸዋል። 854 በ480 የሆነ ፊልም፣ በተለምዶ 480ፒ የሚባለው፣ ለዚህ አያያዝ ከበቂ በላይ ነው፤ ስልኩን አግድም አዙሮ ለሚያይ ሰው ደግሞ 720ፒ የመጨረሻው ጠቃሚ መጠን ነው። ከዚያ በላይ ያለው ተከፍሎበት የማይታይ ነው።

የፍሬም ፍጥነት፣ ማለትም በአንድ ሰከንድ የሚታዩት ነጠላ ምስሎች ቁጥርም፣ ተመሳሳይ ታሪክ አለው። በእጅ የሚሣል አኒሜሽን አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም እያቆየ፣ በሰከንድ 24 ፍሬም ለሚሄድ ፊልም 12 ሥዕል ብቻ ይጠቀማል። እንዲህ ያለ ፊልም በ60 ሲወጣ እያንዳንዱ ሥዕል አምስት ጊዜ ይደገማል እንጂ አዲስ እንቅስቃሴ አይፈጠርም፤ የስልኩ ስክሪንም ቢሆን በአብዛኛው በሰከንድ 60 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የሚታደስ በመሆኑ ድግግሞሹን ያለ ምንም እገዛ ራሱ ይሠራዋል። በመሃል አዳዲስ ፍሬሞችን የሚፈጥረው የኤዲቲንግ መሣሪያ ከተከፈተ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፦ የገጸ ባሕሪው እጅ በሁለት ቦታ እንደ ጥላ ተደራርቦ ይታያል፣ መስመሮች ይደበዝዛሉ፣ ፋይሉም ይከብዳል። ይህን ለመለየት ፊልሙን ማቆምና በፍሬም በፍሬም ማሳለፍ ይበቃል፤ ሠዓሊው ያልሣለው ድርብ መስመር ከታየ መሣሪያው የጨመረው ነው።

ልዩነቱ በቁጥር ሲሰላ ግልጽ ይሆናል። የ90 ሰከንድ ፊልም በሰከንድ በ12 ሜጋቢት ሲወጣ 1,080 ሜጋቢት ይመዝናል፤ አንድ ባይት ስምንት ቢት በመሆኑ ይህ 135 ሜጋባይት ነው። ብዙ ሰው በተጨናነቀበት ሰዓት መስመሩ በሰከንድ 400 ኪሎቢት ብቻ ያስገባል ቢባል፣ ፊልሙን ለማውረድ 45 ደቂቃ ይፈጃል። ያው ፊልም በ480ፒ፣ ድምፁን ጨምሮ በሰከንድ በ300 ኪሎቢት ሲወጣ ግን ወደ 3.4 ሜጋባይት ይወርዳል፣ በዚያው መስመር ላይም 68 ሰከንድ ገደማ ብቻ ይወስዳል። የማውረጃው ጊዜ ከፊልሙ ርዝመት ስለሚያንስ ተመልካቹ እያወረደ ሳይቆራረጥበት ሊያይ ይችላል፤ ለደካማ ኔትወርክ የሚወጣ ፊልም ሊያሟላው የሚገባው ዋና መስፈርትም ይህ ነው።

በዚህ ዝቅተኛ ቢትሬት ላይ የፊልሙን ጥራት የሚወስነው የማውጫው ቅንብር ሳይሆን አሣሣሉ ነው። መጭመቂያው፣ ኮዴክ የሚባለው፣ ከአንዱ ፍሬም ወደ ሌላው ያልተለወጠውን ክፍል ደግሞ አይመዘግብም፤ ስለዚህ ጠፍጣፋ ቀለምና ቆሞ የሚታይ ዳራ እጅግ ይቀልለታል፣ በነፋስ የሚርገበገብ ቅጠል፣ ዝናብ፣ ጭስና በዳራው ላይ የተነሰነሰ የፊልም ግሬይን ግን ያለውን ቢት ሁሉ ይበላበታል። የሸኮን የቡና ጫካ ከነቅጠሉ እንቅስቃሴ ለማሳየት የፈለገ ሠዓሊ፣ ገጸ ባሕሪው ሲናገር ቅጠሉን አቁሞ፣ ንግግሩ ሲያበቃ ቢያንቀሳቅሰው ፊቱም ቅጠሉም ይድናሉ።

ለቡና ትምህርት ከሁሉ የሚያሳስበው ቀለም ነው። በስልክ የሚከፈቱ ቪዲዮዎች በአብዛኛው የብርሃንን ዝርዝር ሙሉ በሙሉ ይይዛሉ፣ የቀለምን ዝርዝር ግን በወርድም በቁመትም በግማሽ ይቀንሳሉ። ቀይ እሸት ቡና በአረንጓዴ ቅጠል መካከል ሲሣል ሁለቱ ቀለሞች ተቀራራቢ ብርሃን ካላቸው፣ በትንሽ ስክሪን ላይ የፍሬው ጠርዝ ከቅጠሉ ጋር ይቀላቀላል፤ «ቀዩን ብቻ ልቀሙ፣ አረንጓዴውን አትሸምጥጡ» የሚለው ትምህርትም መታየት ባለበት ቦታ ላይ ይጠፋል። መፍትሔው ሬዞሉሽን መጨመር ሳይሆን በፍሬው ዙሪያ ጠቆር ያለ መስመር ማስመር፣ ቅጠሉን ማጨለም፣ ፍሬውንም አቅርቦ ማሳየት ነው። ሥዕሉ ወደ ጥቁርና ነጭ ተለውጦ ቀዩ ፍሬ ከቅጠሉ ካልተለየ፣ በስልክም ለመለየት ያስቸግራል። ለጽሑፍም እንዲሁ ነው፤ በሰና በሱ፣ በለና በሉ መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ቅጥያ በመሆኗ፣ በቀጭን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ከላቲን ጽሑፍ ቀድሞ ይጠፋል፤ ጥቂት ቃላት በወፍራም ፊደል፣ ነጭ በጥቁር ላይ ቢጻፉ ይሻላል።

ከዋናው ፋይል የስልኩን ቅጂ ለማውጣት፣ በነጻ በሚገኘው ኤፍኤፍኤምፔግ የሚከተለው ትእዛዝ ይበቃል፤

```
ffmpeg -i master.mov -vf "scale=-2:480,fps=12" \
 -c:v libx264 -preset slow -tune animation \
 -crf 26 -maxrate 250k -bufsize 500k \
 -pix_fmt yuv420p -c:a aac -ac 1 -b:a 48k \
 -movflags +faststart phone480.mp4
```

ከትእዛዙ ሁለት ቃላት በተለይ መታወቅ አለባቸው፣ ሲቀሩ የሚፈጠረው ችግር ብዙ ጊዜ በስልኩ ይሳበባልና። yuv420p ካልተጻፈ፣ በተለይ ፊልሙ ከተናጠል ሥዕሎች ሲወጣ፣ ብዙ ስልኮች ሊፈቱት የማይችሉት የቀለም አያያዝ ሊመጣ ይችላል፤ ምልክቱ ድምፅ እየተሰማ ስክሪኑ ጥቁር መሆኑ ወይም ፋይሉ ጭራሹን አለመከፈቱ ነው። +faststart ከሌለ ደግሞ ማጫወቻው ፊልሙን ለመጀመር የሚፈልገው ማውጫ በፋይሉ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፣ በዚህም ምክንያት ግማሹ የወረደ ፊልም እንኳ ላይጀምር ይችላል። fps=12 የሚጻፈውም ሥዕሎቹ በእርግጥ 12 ከሆኑ ብቻ ነው፤ ካሜራው በዝግታ ወደ ጎን የሚሄድበት ትዕይንት በ12 ይንቀጠቀጣልና እዚያ 24 ይሻላል።

የቀሩት እምነቶች ያን ያህል ጎጂ አይደሉም። የመጀመሪያው «ፍሬምን በግማሽ መቀነስ ፋይሉን በግማሽ ይቀንሳል» የሚለው ነው፤ የተደገመ ሥዕል ቀድሞውንም ምንም ያህል ስለማይመዝን፣ ከ24 ወደ 12 መውረድ ከፋይሉ የሚቀንሰው ጥቂት ነው፣ ይልቁንም የሚያርፈው የደካማው ስልክ ፕሮሰሰር ነው።

«አኒሜሽን በ25 ፍሬም ካልሆነ አይሆንም» የሚለው ከቴሌቪዥን የመጣ ነው፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተከተለው ሥርዓት በሰከንድ 25 ፍሬም ስለነበር ለስርጭት የሚሠሩ ፊልሞች በዚያ ይዘጋጁ ነበር። ለስልክ ይህ ግዴታ አይደለም፤ ሆኖም በ25 የተሠራ ፊልም በ25 ይቆይ፣ ወደ 24 ወይም 30 ሲለወጥ ፍሬም ይጎድልበታል ወይም ይደገምበታልና።

«ጂፍ ቀላል ነው» የሚለው ከእውነት የራቀ ነው። ጂፍ በአንድ ምስል ከ256 ቀለም በላይ አይዝም፣ ድምፅ የለውም፣ እንቅስቃሴን የመጭመቅ ችሎታው ደካማ ስለሆነ ከኤምፒ4 ብዙ እጥፍ ይመዝናል፤ ቴሌግራም ራሱ ከ2016 ጀምሮ ጂፍን ወደ ኤምፒ4 እየለወጠ የሚልከው ለዚህ ነው።

«አዲሱ ኮዴክ ሁልጊዜ ይበልጣል» የሚለው ግን ግማሽ እውነት አለው፤ ኤች.265 በተመሳሳይ ጥራት ከኤች.264 በጉልህ ይቀንሳል፣ ነገር ግን አሮጌና ርካሽ ስልክ ላይ ሊንቀጠቀጥ፣ ባትሪ ሊጨርስ ወይም ጨርሶ ላይከፈት ይችላል። የተመልካቹ ስልክ በማይታወቅበት ሁኔታ ኤች.264 ይመረጣል።

3ጂፒም «የሞተ» አይደለም፤ የአኒሜሽን ትምህርቶችን አማርኛን ጨምሮ በብዙ ቋንቋዎች የሚያዘጋጀው ሳይንቲፊክ አኒሜሽንስ ዊዝአውት ቦርደርስ የተባለው ፕሮግራም ፊልሞቹን በስልክ ወርደው ከሰው ወደ ሰው እንዲተላለፉ አድርጎ ማዘጋጀቱ እንደሚያሳየው፣ የስርጭት መንገድ የፋይልን ዓይነት ይወስናል። የቁልፍ ስልክ የያዘ ተመልካች ካለ፣ ሁለተኛ ቅጂ በ3ጂፒ ማውጣት ተገቢ ነው።

ቴሌግራምና መሰል መተግበሪያዎች ቪዲዮን የሚጨምቁበት መንገድ ሳያሳውቁ ሊለወጥ ስለሚችል፣ እዚህ የተሰጡት ቁጥሮች መነሻ እንጂ መደምደሚያ አይደሉም። ፊልሙ ከመሰራጨቱ በፊት እንደ ቪዲዮም እንደ ፋይልም ተልኮ፣ ቴፒ ወይም ሸኮ ባለ ርካሽ ስልክ ላይ ማታ ኔትወርኩ ሲጨናነቅ ወርዶ ቢታይ፣ ሦስት ጥያቄዎች ይመለሳሉ፦ ማውረዱ ከፊልሙ ርዝመት በታች ጊዜ ወሰደ ወይ፣ ጽሑፉ ስልኩ ቀጥ ብሎ ሲያዝ ይነበባል ወይ፣ ቀዩ ፍሬ ከአረንጓዴው ይለያል ወይ። ሦስቱም አዎንታዊ መልስ ካገኙ፣ በኤክስፖርት ሰሌዳው ላይ ከዚያ በላይ የሚጨመር ቁጥር ለተመልካቹ የሚጨምርለት ክፍያ ብቻ ነው።