ሐኪም ምስጢር መጠበቅ የማይችልባቸው ሁለት ጊዜያት

በካሊፎርኒያ የጤና ሕግ ፈተና ላይ ሊወጣ የሚችል ጥያቄ እንውሰድ። አንድ ታካሚ ለሥነ ልቦና ባለሙያው «የቀድሞ ሚስቴን እገድላታለሁ» ይላል። ቀጥሎም ልጁን በቀበቶ እየገረፈ እንደሚያቆስለው ይናገራል። ባለሙያው ነገሩን ለአለቃው ብቻ ነገረ። ግዴታውን ተወጥቷል?

ዛቻውና ግርፋቱ በየራሳቸው ሕግ ነው የሚዳኙት። የመጀመሪያው መነሻ የታራሶፍ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በበርክሌይ አንድ ታካሚ ታቲያና ታራሶፍን ሊገድል እንዳሰበ ለባለሙያው ነገረ። ባለሙያው ለዩኒቨርሲቲው ፖሊስ አመለከተ፤ ፖሊስም ይዞ ለቀቀው። ለእሷ ግን ማንም አልነገራትም፤ ተገደለች። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 ባለሙያው አደጋ የተደቀነበትን ሰው ለመጠበቅ ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረግ አለበት ሲል ወሰነ። በኋላ የወጣው ሕግ መንገዱን አጥርቶታል፤ ዛቻው ከባድ ከሆነና የተዛተበት ሰው ማንነት ከታወቀ፣ ለዚያ ሰውም ለፖሊስም ለማሳወቅ በቂ ጥረት ያደረገ ባለሙያ ከተጠያቂነት ይድናል። በንዴት የተወረወረን ቃል ከእውነተኛ ዛቻ መለየት ግን ያው ከባድ ነው፤ ፈተናውም እዚያ ላይ ያጠምዳል።

የልጁ ነገር ይህን ያህል ማመዛዘን አይጠይቅም። ምክንያታዊ ጥርጣሬ ይበቃል፤ ማስረጃ መሰብሰብ የባለሙያው ሥራ አይደለም። ወዲያውኑ ለፖሊስ ወይም ለሕፃናት ደኅንነት መሥሪያ ቤት በስልክ ይነግራል፤ በ36 ሰዓት ውስጥም በጽሑፍ ያስከትላል። ለአለቃ መንገር ይህን አይተካም።

ስለዚህ የጥያቄያችን ባለሙያ በሁለቱም ወድቋል።