መኪናው ጉልበቱን ከየት ያገኛል?

በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተነገረ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የማያወራ የለም። ይሁን እንጂ ባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር ያለው ሁሉ የኤሌክትሪክ መኪና አይደለም። ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ጉልበቱ ከውጭ የሚገባለት በየት ነው? በነዳጅ ማደያ፣ በሶኬት ወይስ በሁለቱም?

ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1997 ጃፓን ውስጥ መሸጥ የጀመረው ፕሪየስ የሃይብሪድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ መኪና በሶኬት አይሞላም፤ የሚቀዳለት ቤንዚን ብቻ ነው። ባትሪውም ትንሽ ናት። በኤሌክትሪክ ብቻ ቢሄድ ጥቂት ኪሎሜትር እንኳ አይዘልቅም። ታዲያ ነዳጅ የሚቆጥበው በምንድን ነው? ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ወይም ቁልቁለት ሲወርድ ጎማው የኤሌክትሪክ ሞተሩን ያሽከረክረዋል፤ ሞተሩም እንደ ዲናሞ እየሠራ ባትሪውን ይሞላል። በተራ መኪና ይህ ጉልበት የፍሬን ሸራ አግሎ የሚጠፋ ነው። መኪናው መብራት ላይ ሲቆም የቤንዚን ሞተሩ ይጠፋል፤ መብራቱ ሲለቀቅ የሚያስነሳው ባትሪው ነው። ስለዚህ ሃይብሪድ ብዙ የሚቆጥበው እየቆመ በሚነሳበት የከተማ መንገድ ነው። ፍሬን በማይያዝበት ረጅም አውራ ጎዳና ላይ ጥቅሙ ይቀንሳል። «ራሱን ቻርጅ ያደርጋል» የሚሉት ሻጮች ሊያስቱን አይገባም፤ ባትሪው ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ ሁሉ መነሻው ማደያ ላይ የተከፈለበት ቤንዚን ነው።

ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪና ደግሞ የነዳጅ ታንክም የጭስ ማውጫም የለውም። ጉልበቱ የሚገባው በገመድ ብቻ ነው። መካከለኛ መጠን ያለው መኪና 100 ኪሎሜትር ለመሄድ 16 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በቀን 40 ኪሎሜትር የሚነዳ ሰው፣ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው ተጨምሮ፣ 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል። ይህም 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቢጣድ ከሚፈጀው ጋር እኩል ነው። በተራ የቤት ሶኬት ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይበቃዋል። ለዚያው መንገድ ሃይብሪዱ ሁለት ሊትር የሚጠጋ ቤንዚን ያቃጥላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመካከለኛው፣ በፕለግ ኢን ሃይብሪድ ላይ ነው። ይህ መኪና የነዳጅ ታንክም የሶኬት መሰኪያም አለው። እ.ኤ.አ. የ2017ቱን ፕሪየስ ፕራይም እንውሰድ። ባትሪው 8.8 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ በኤሌክትሪክ ብቻ 40 ኪሎሜትር ገደማ ያስኬዳል። ከላይ ያነሳነው ሰው ማታ ማታ ቻርጅ ካደረገው ሳምንቱን ሙሉ ማደያ ላይቆም ይችላል። ገመዱን ከረሳው ግን መኪናው በቤንዚን የሚሄድ ሃይብሪድ ይሆናል፤ ያውም ከባድ ባትሪ የተሸከመ ሃይብሪድ። የአውሮፓ ኮሚሽን በመንገድ ላይ ካሉ መኪኖች የሰበሰበውን መረጃ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲያወጣ ፕለግ ኢን ሃይብሪዶች በላቦራቶሪ ከተለካው 3.5 እጥፍ የሚበልጥ ካርቦን እንደሚለቁ ታይቷል። ዋናው ምክንያት ባለቤቶቻቸው የላቦራቶሪው መለኪያ የገመተውን ያህል ቻርጅ አለማድረጋቸው ነው።

ረጅም መንገድ ላይ ልዩነቱ ይበልጥ ይታያል። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎሜትር ገደማ ነው። በ100 ኪሎሜትር 4.5 ሊትር የሚፈጅ ሃይብሪድ 12 ሊትር ተኩል ያህል ይጨርሳል። ፕለግ ኢኑ የመጀመሪያውን 40 ኪሎሜትር በኤሌክትሪክ ሄዶ የቀረውን በቤንዚን ስለሚጓዝ የሚያተርፈው ከሁለት ሊትር አይበልጥም። የኤሌክትሪኩ መኪና 50 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ስለዚህ 30 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለው ትንሽ መኪና መንገድ ላይ ሳይሞላ አይደርስም። መመለሻው ደግሞ ይብሳል። አዲስ አበባ ከሐዋሳ 650 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ከፍታ ለመውጣት ብቻ ሌላ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ያወጣል፤ በሜዳ ላይ 20 ኪሎሜትር የሚያስኬደውን ማለት ነው። ስለዚህ ሲሄዱ የበቃው ባትሪ ሲመለሱም ይበቃል ተብሎ አይገመት።

እንጦጦ ወይም ሌላ ከፍታ ላይ የሚኖሩ ባለ ኤሌክትሪክ መኪኖች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ባትሪው መቶ በመቶ ሞልቶ ቁልቁለት ከተወረደ መኪናው የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለማይኖረው ሞተሩ እንደ ልማዱ አያቀዘቅዝም፤ ሥራው ሁሉ በተራው ፍሬን ላይ ይወድቃል። ማታ 80 ወይም 90 በመቶ ላይ ማቆም ይህን ያስቀራል።

ያገለገለ ፕለግ ኢን ሃይብሪድ የምትገዙ ከሆነ ሻጩን ባትሪውን እንዲሞላላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ የቤንዚን ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ ራሳችሁ ንዱት። ሲሠራ 40 ኪሎሜትር ይሄድ የነበረው 20 ላይ ካቆመ ባትሪው ደክሟል፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ተከራከሩ። መኪናችሁን በምታሳድሩበት ቦታ ሶኬት ከሌለ ደግሞ ለፕለግ ኢን ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ።